ከስደት ሠራተኛዋ ደመወዝ ቤተሰብ እጅ የሚገባው ስንቱ ነው?

ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ የብዙ ቤተሰብ የማዳበሪያ ክፍያ፣ የልጆች የትምህርት ወጪና የቤት ኪራይ መሸፈኛ ነው። ይኹን እንጂ ከሪያድ ወይም ከጅዳ የተላከው ሪያል ደሴ ወይም ከሚሴ ደርሶ ብር እስኪኾን ድረስ በመንገዱ ላይ ይቀነሳል። ከተቀነሰው ውስጥ በደረሰኝ ላይ የሚታየው ከፊሉ ብቻ ነው። ቀሪው በምንዛሬው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያልፍ ላኪዋም ተቀባዩም ሳያውቁት ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የአንዲት የቤት ሠራተኛን የአንድ ወር ደመወዝ ከተከፈለበት ዕለት ጀምሮ ገጠር ቀበሌ እስኪደርስ ድረስ በስሌት ይከተላል። በስሌቱ ውስጥ የተጠቀሱት የምንዛሬ ዋጋና የማስተላለፊያ ክፍያ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው። የምንዛሬው ዋጋ በየዕለቱ ስለሚለዋወጥ አንባቢ የዕለቱን ቁጥር ተክቶ ስሌቱን ራሱ ሊሠራው ይችላል።

ሪያል ወደ ብር የሚለወጥበት መንገድ

የሳዑዲ ሪያል እ.አ.አ ከ1986 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው። አንድ ዶላር 3 ነጥብ 75 ሪያል ነው። በመኾኑም የሪያልን ትክክለኛ ዋጋ በብር ለማወቅ ሌላ ምንጭ መፈለግ አያሻም። የዕለቱን የዶላር ዋጋ በብር ለ3 ነጥብ 75 ማካፈል ይበቃል።

ለምሳሌ አንድ ዶላር 150 ብር ቢኾን አንድ ሪያል 40 ብር ነው ማለት ነው። ይህ በስሌቱ ውስጥ ማነጻጸሪያ ኾኖ የሚያገለግል ዋጋ ነው። ማንም አስተላላፊ በዚህ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ላይመነዝር ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ዋጋ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ዝቅ ያለው ልዩነት ሁሉ የሠራተኛዋ ላብ ነው።

የብር ምንዛሬ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ይወሰን እንደነበር ይታወሳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አድርጓል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባንኮች የየራሳቸውን የመግዣና የመሸጫ ዋጋ በየዕለቱ ያወጣሉ። ተቀባዩን የሚመለከተው የመግዣው ዋጋ ነው፤ ባንኩ የውጭ ገንዘቡን ከደንበኛው የሚገዛበት በመኾኑ ነው። በሰሌዳው ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የመሸጫ ዋጋ ለተቀባዩ አይሠራም።

የ1 ሺህ ሪያል ጉዞ

በሳዑዲ ዓረቢያ ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በስፋት የሚታወቀው ወርሃዊ ደመወዝ 1 ሺህ ሪያል ነው። በማነጻጸሪያው ዋጋ ይህ 40 ሺህ ብር ይኾናል። በአሠሪዋ ቤት የምትኖረው ሠራተኛ ለምግብና ለመኝታ ባትከፍልም ለስልክ፣ ለልብስና ለግል መጠቀሚያ 150 ሪያል ታስቀራለች እንበል። ለመላክ ወደ መስኮቱ የምታቀርበው 850 ሪያል ነው። ምንም ባይቀነስበት ኖሮ ቤተሰቧ 34 ሺህ ብር ይቀበል ነበር።

የመጀመሪያው ቅናሽ የማስተላለፊያ ክፍያ ነው። አስተላላፊው 20 ሪያል ቢያስከፍል በዚህ ላይ የሳዑዲ መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ታክሱ እ.አ.አ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 15 በመቶ ነው። የሚታሰበውም በሚላከው ገንዘብ ላይ ሳይኾን በአገልግሎት ክፍያው ላይ ነው። የ20 ሪያል 15 በመቶ 3 ሪያል ስለኾነ ጠቅላላ ክፍያው 23 ሪያል ይኾናል። ለመመንዘር የሚቀረው 827 ሪያል ነው።

ሁለተኛው ቅናሽ የምንዛሬ ልዩነት ነው። አስተላላፊው አንዱን ሪያል በ40 ብር ሳይኾን በ39 ብር ከ20 ሳንቲም ይመነዝራል እንበል። ልዩነቱ በአንድ ሪያል 80 ሳንቲም ብቻ ስለኾነ ዓይን አይስብም። ነገር ግን 827 ሪያል በ39 ብር ከ20 ሲባዛ 32 ሺህ 418 ብር ከ40 ሳንቲም ይኾናል። በ40 ብር ቢመነዘር 33 ሺህ 80 ብር ይኾን ነበር። በ80 ሳንቲሟ ምክንያት ብቻ 661 ብር ከ60 ሳንቲም ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በደረሰኙ ላይ “ክፍያ” ተብሎ አይጻፍም።

ሁለቱ ሲደመሩ ከ34 ሺህ ብር ላይ 1 ሺህ 581 ብር ከ60 ሳንቲም ተቀንሷል። ይህም ከተላከው ገንዘብ 4 ነጥብ 65 በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ 920 ብሩ የሚታየው ክፍያና ታክስ ሲኾን ቀሪው በምንዛሬው ውስጥ የተሸሸገው ነው።

ሦስተኛው ቅናሽ ሀገር ቤት ያለ ነው። ተቀባዩ ቤተሰብ ባንክ ካለበት ከተማ ርቆ የሚኖር ከኾነ የደርሶ መልስ መጓጓዣ መክፈሉ አይቀርም። 300 ብር ቢያወጣ ቤት የሚደርሰው 32 ሺህ 118 ብር ከ40 ሳንቲም ይኾናል። ወረፋ በዝቶ ወይም የባንኩ የኔትወርክ መሥመር ተቋርጦ በማግሥቱ መመለስ ግድ ሲል ይህ ወጪ እጥፍ ይኾናል።

ሲጠቃለል ከ1 ሺህ ሪያል ደመወዝ ቤተሰብ እጅ የገባው 80 በመቶ ያህሉ ነው። 15 በመቶው ሠራተኛዋ ራሷ የተጠቀመችበት ነው። ቀሪው 5 በመቶ ገደማ በመንገድ ቀርቷል። በዓመት ሲሰላ በማስተላለፍ ብቻ የሚጠፋው ወደ 19 ሺህ ብር ይጠጋል። ይህም ከምትልከው የአንድ ወር ገንዘብ ከግማሽ በላይ ነው።

የዓለም ባንክ የገንዘብ መላኪያ ወጪን የሚለካው በዚሁ መንገድ፣ ክፍያንና የምንዛሬ ልዩነትን በመደመር ነው። በዚህ ስሌት የዓለም አማካይ ወጪ ከ6 በመቶ በላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች እ.አ.አ በ2030 ወጪው ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃሉ። በምሳሌው ላይ የተገኘው 4 ነጥብ 65 በመቶ ከዓለም አማካይ የተሻለ ቢኾንም ከግቡ ገና የራቀ ነው።

“ያለ ክፍያ” የሚለው ማስታወቂያ

አንዳንድ አስተላላፊዎች ገንዘብ የሚልኩት ያለ ምንም የአገልግሎት ክፍያ እንደኾነ ያስተዋውቃሉ። ሠራተኛዋ 23 ሪያል የምትድን ስለሚመስላት ወደዚያው ትሄዳለች። የዚህ አስተላላፊ ምንዛሬ ግን 38 ብር ነው እንበል። 850 ሪያል በ38 ብር ሲባዛ 32 ሺህ 300 ብር ይኾናል። ክፍያ ከሚያስከፍለው አስተላላፊ ጋር ሲነጻጸር ቤተሰቡ 118 ብር ከ40 ሳንቲም ያነሰ ይቀበላል።

ይህ ማለት ግን ክፍያ የማይጠይቅ ሁሉ ውድ ነው ማለት አይደለም። ክፍያ ሳይጠይቅ በ39 ብር የሚመነዝር ቢገኝ 33 ሺህ 150 ብር ያደርሳልና ከሁለቱም ይሻላል። ክፍያውን ለብቻ፣ ምንዛሬውን ለብቻ መመልከት ወደ ስሕተት ያመራል።

ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያሳይ ቀላል ስሌት አለ። ቤተሰቡ የሚቀበለውን ብር ሠራተኛዋ ከኪሷ ላወጣችው ሪያል ማካፈል ነው። በመጀመሪያው አስተላላፊ 32 ሺህ 418 ብር ከ40 ለ850 ሲካፈል 38 ብር ከ14 ሳንቲም ይኾናል። በሁለተኛው 38 ብር፣ በሦስተኛው 39 ብር ነው። ትልቁን ቁጥር የሰጠው የተሻለው ነው። በመስኮቱ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፤ “ይህን ያህል ሪያል ብሰጥ ቤተሰቤ በትክክል ስንት ብር ይቀበላል?” የሚለው። በስልክ መተግበሪያ የሚልኩም ከማረጋገጫው ቁልፍ በፊት ይህን ቁጥር ያገኙታል።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት። አንዳንድ አስተላላፊዎች ምንዛሬውን በላኪው ሀገር ቆርጠው የሚደርሰውን ብር በደረሰኙ ላይ ያሰፍራሉ። ሌሎች ደግሞ ገንዘቡን በዶላር ልከው ምንዛሬውን የሚከፍለው ባንክ እንዲሠራው ይተዋሉ። በሁለተኛው መንገድ ሪያሉ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ከዚያም ዶላሩ ወደ ብር ስለሚለወጥ ልዩነት የሚወሰድባቸው ቦታዎች ሁለት ይኾናሉ። የመጀመሪያውን ማጣራት ቀላል ነው። አስተላላፊው አንድ ዶላር ለመስጠት ከ3 ነጥብ 75 በላይ ስንት ሪያል እንደጠየቀ ማየት ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ በሚወጣበት ዕለት በባንኩ የመግዣ ዋጋ ይወሰናል።

ብሩ ጨምሮ ወጪውም ሲጨምር

ተቀባዮች አስተላላፊን የሚመዝኑት ብዙ ጊዜ ባለፈው ወር ከደረሳቸው ብር ጋር በማነጻጸር ነው። ብር ከዶላር አንጻር እየረከሰ በሚሄድበት ወቅት ይህ መመዘኛ ያታልላል።

ለምሳሌ የሪያል ማነጻጸሪያ ዋጋ ከ40 ብር ወደ 42 ብር ቢያድግና አስተላላፊው በ40 ብር ከ50 ሳንቲም ቢመነዝር ለ827 ሪያል 33 ሺህ 493 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፈላል። ካለፈው ወር በ1 ሺህ 75 ብር ስለሚበልጥ ቤተሰቡ ይደሰታል። ነገር ግን አስተላላፊው የሚወስደው ልዩነት ከ2 በመቶ ወደ 3 ነጥብ 6 በመቶ ገደማ አድጓል። ልዩነቱን በ2 በመቶ ይዞ ቢቀጥል ኖሮ 34 ሺህ 39 ብር ይደርስ ነበር። ከ540 ብር በላይ ሳይታወቅ ቀርቷል። ስለዚህ መነጻጸር ያለበት ካለፈው ወር ብር ጋር ሳይኾን ከዚያው ዕለት የባንክ ዋጋ ጋር ነው።

ገንዘቡን መክፈልና ማጠራቀም

የማስተላለፊያ ክፍያው የተላከው ገንዘብ ቢያንስም ቢበዛም ብዙውን ጊዜ ተቀራራቢ ነው። በመኾኑም ትንሽ ገንዘብ መላክ ውድ ነው። 23 ሪያል ከ850 ሪያል ላይ ሲቀነስ 2 ነጥብ 7 በመቶ ነው። ከ200 ሪያል ላይ ሲቀነስ ግን 11 ነጥብ 5 በመቶ ይኾናል።

ሠራተኛዋ 850 ሪያሉን ከፍላ 600ውን ለእናቷ፣ 250ውን ለወንድሟ በየስማቸው ብትልክ ሁለት ጊዜ 23 ሪያል ትከፍላለች። ቤተሰቡ በጠቅላላው 901 ብር ከ60 ሳንቲም ያጣል። በአንድ ሰው ስም ልኮ ሀገር ቤት ውስጥ በባንክ ሒሳብ ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ መከፋፈል ከዚህ በእጅጉ ይረክሳል። ይህ ግን በቤተሰቡ ውስጥ መተማመን ሲኖር የሚሠራ ነው። ገንዘቧ ላልፈለገችው ዓላማ እንዳይውል የምትሰጋ ሠራተኛ ሁለተኛውን ክፍያ ዐውቃ ብትከፍል ስሌቱን ስታለች አያሰኛትም።

የሁለት ወሩን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መላክም አንዱን ክፍያ ያስቀራል። ኾኖም ጥሬ ገንዘብን በአሠሪ ቤት ማስቀመጥ ለመጥፋት ያጋልጣል። ሀገር ቤት ያለው ቤተሰብም በመካከሉ ተበድሮ ወለድ የሚከፍል ከኾነ ከክፍያው የተረፈው በወለድ ያልቃል። ደመወዟ በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ የሚገባላት ሠራተኛ ግን ይህን ለማድረግ የተሻለ ዕድል አላት።

ከሕጋዊው መንገድ ውጭ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር በትይዩ ገበያው ዋጋው ከ100 ብር በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ በባንክ የላከ ሰው በምንዛሬ ልዩነት ብቻ የገንዘቡን ግማሽ የሚጠጋ ያጣ ነበር። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የ23 ሪያል ክፍያ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ብዙ ሠራተኞች በግለሰቦች በኩል መላክን የለመዱት በዚሁ ምክንያት ነው። የምንዛሬ ለውጡ ከተደረገ በኋላ ልዩነቱ በእጅጉ ጠብቧል። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም።

በግለሰብ በኩል ሲላክ ሪያሉ እዚያው ይቀራል፤ ቤተሰቡ የሚከፈለው ሀገር ውስጥ ካለ ሌላ ሰው ሒሳብ በብር ነው። ምንዛሬው ከባንክ ቢበልጥም ስሌቱ ውስጥ የማይገባ ነገር አለ። ደረሰኝ የለም፤ ተቀባዩ ካልደረሰኝ ቢል የሚጠየቅ አካል የለም። ድርጊቱ በሁለቱም ሀገራት ሕግ የተከለከለ ሲኾን ብሩ የመጣበት ሒሳብ በምርመራ ላይ ያለ ከኾነ የተቀባዩም ሒሳብ ሊታገድ ይችላል። የ1 ወር ገንዘብ አንዴ ቢጠፋ በምንዛሬ ተገኘ የተባለው የብዙ ወራት ትርፍ በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ወይም ፈቃዳቸው በአሠሪ እጅ የተያዘባቸው ሠራተኞች ግን ሕጋዊ አስተላላፊ ዘንድ በስማቸው መላክ አይችሉም። በሌላ ሰው ስም ሲልኩ ለባለ ስሙ የሚከፍሉት ገንዘብ አራተኛ ቅናሽ ይኾንባቸዋል። ገንዘቡ ችግር ቢገጥመው ሊጠይቅ የሚችለውም ባለ ስሙ ብቻ ነው።

ገንዘቡን የሚያዘገዩ ስሕተቶች

በክፍያ መስኮት ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር የስም አለመመሳሰል ነው። የተቀባዩ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ “መሐመድ”ን የመሰለ ስም በተለያየ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ባንኩ አይከፍልም። ስሙን ማስተካከል የሚችለው ላኪው በመኾኑ ተቀባዩ ሌላ ቀን፣ ሌላ የመጓጓዣ ወጪ ይጠብቀዋል። ለዚህ መፍትሔው የፋይዳ ወይም የሌላ መታወቂያን ፎቶ ቀድሞ ለላኪዋ መላክና ስሙ በዚያው አጻጻፍ እስከ አያት ድረስ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

ሌላው የገንዘብ መቀበያ የሚስጥር ቁጥሩ ነው። ይህ ቁጥር ለላኪዋና ለተቀባዩ ብቻ የተሰጠ ነው። በስልክ ደውሎ “ከባንክ ነኝ፣ ገንዘብ መጥቶልሃል፣ ቁጥሩን ንገረኝ” የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። ባንክ ቁጥሩን የሚጠይቀው ተቀባዩ በአካል ቀርቦ መታወቂያ ሲያሳይ ነው።

ተቀባዩ በደረሰኙ ላይ የሰፈረውን ብርና በእጁ የገባውን ማመሳከርም አለበት። ላኪዋ የደረሰኙን ፎቶ ብትልክ ልዩነት መኖር አለመኖሩ እዚያው መስኮቱ ላይ ይታወቃል። በደረሰኙ ላይ የሚከፈለው በብር ተቆርጦ ከተጻፈና ባንኩ ያነሰ ከከፈለ ከመስኮቱ ሳይርቁ ኃላፊውን መጠየቅ ይገባል።

በየወሩ የሚያዝ መዝገብ

ይህን ሁሉ ለመከታተል አንድ ደብተርና አራት መሥመር ይበቃል። የተላከበት ቀን፣ ከሠራተኛዋ ኪስ የወጣው ሪያል፣ ቤተሰቡ የተቀበለው ብርና በዚያው ዕለት የባንክ የዶላር መግዣ ዋጋ ለ3 ነጥብ 75 ተካፍሎ የተገኘው ቁጥር ይጻፋሉ። ብሩ ለሪያሉ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ከመጨረሻው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል።

በምሳሌው መሠረት 38 ብር ከ14 ሳንቲም ከ40 ብር ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ በአንድ ሪያል 1 ብር ከ86 ሳንቲም ነው። የማነጻጸሪያው ዋጋ ሳይለወጥ በሚቀጥለው ወር ልዩነቱ ከ2 ብር ካለፈ አስተላላፊው ክፍያውን ወይም የምንዛሬ ልዩነቱን ከፍ አድርጓል፤ አለበለዚያም የተላከው ገንዘብ አንሷል ማለት ነው። ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች የሚላክ ገንዘብ ሲኾን በ3 ነጥብ 75 ምትክ የሚካፈለው ለ3 ነጥብ 67 ነው፤ የኤሚሬቶች ድርሃምም እንደ ሪያሉ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ሦስት ወይም አራት ወር የተመዘገበበት ደብተር የትኛው አስተላላፊ በቋሚነት የተሻለ እንደሚያደርስ ያሳያል፤ ሠራተኛዋም ቀጣዩን ደመወዝ በየትኛው መስኮት እንደምትልክ ለመወሰን ያስችላታል።